«ጌልዲ» ወይስ «ጌልሚሽ»? ስለ ቱርክኛ ሁለት ኃላፊ ጊዜዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቱርክ አገር ለትምህርት የሄደ ሐበሻ መጀመሪያ አንድ ዓመት ያህል ቋንቋ ይማራል። በዚያ ዓመት ውስጥ የማይቀር አንድ ቀን አለ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሁለተኛውን ኃላፊ ጊዜ ይጽፋል። ክፍሉም «ታዲያ ያኛው ምን ሊሠራ ነበር?» ብሎ ያጉረመርማል። እኔም ካጉረመረሙት አንዱ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ጀማሪዎች የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። የቱርክኛውን ቃል ለማንበብ እንዲቀል በፊደላችን ጽፌዋለሁ፤ ትክክለኛው አጻጻፍ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ አለ።

ልዩነቱ በአጭሩ ምንድን ነው?

«ጌልዲ» ማለት «መጣ» ነው። «ጌልሚሽ»ም «መጣ» ነው። ድርጊቱ አንድ፣ ጊዜውም አንድ ነው። የሚለየው ተናጋሪው ወሬውን ያገኘበት መንገድ ነው። ሰውየው በር ከፍቶ ሲገባ ካየሁ «ጌልዲ» እላለሁ። ደጃፉ ላይ ጫማውን ብቻ ካየሁ «ጌልሚሽ» እላለሁ። ጎረቤት «መጥቷል» ብላ ከነገረችኝም ያው «ጌልሚሽ» ነው።

የቱርክ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያውን «ጎሩሌን ጌችሚሽ ዛማን» ይሉታል፤ «የታየ ኃላፊ ጊዜ» እንደማለት ነው። ሁለተኛው «ዱዩላን ጌችሚሽ ዛማን» ነው፤ «የተሰማ ኃላፊ ጊዜ»። ተማሪዎቹ ግን በአፋቸው «ዲሊ ጌችሚሽ» እና «ሚሽሊ ጌችሚሽ» ብለው ያሳጥሩታል፤ ባለ «ዲ» እና ባለ «ሚሽ» ማለት ነው። እኔም ከዚህ በኋላ «ዲ» እና «ሚሽ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ልዩነቱ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ማህሙድ አል ካሽጋሪ የቱርክ ነገዶችን ቋንቋ ለዐረብኛ አንባቢ ሲያስረዳ ይህንኑ ጽፏል። አንደኛው ተናጋሪው ባለበት ለሆነ ነገር ነው፣ ሌላኛው እሱ በሌለበት ለሆነ።

እንዴት ይጻፋሉ? አራት አምስት ዓይነት «ሚሽ» አየሁ እኮ።

ቅጥያው ከፊቱ ያለውን አናባቢ ይከተላል። ስለዚህ «ሚሽ» አራት መልክ አለው። «ዲ» ደግሞ ስምንት፤ ምክንያቱም እንደ «ች»፣ «ክ»፣ «ት» እና «ስ» ካሉ ድምፆች ቀጥሎ ሲመጣ «ዲ» ወደ «ቲ» ይለወጣል።

```
-dı -di -du -dü / -tı -ti -tu -tü
-mış -miş -muş -müş

geldim     gelmişim
geldin     gelmişsin
geldi      gelmiş
geldik     gelmişiz
geldiniz   gelmişsiniz
geldiler   gelmişler
```

ነጥብ የሌላት «ı» የኛ «እ» ናት ማለት ይቻላል። ፈረንጅ የሚታገልባት ድምፅ ለኛ በነፃ መጥታለች። አጻጻፉ በሳምንት ይለመዳል፤ ከባዱ የቱን መቼ እንደምንል ማወቁ ነው።

በአማርኛ ከምን ጋር ላመሳስለው?

«ሚሽ»ን የሚያክል አንድ ነጠላ ቅጥያ አማርኛ የለውም። ግን ሥራውን የሚሠሩ ሦስት መሣሪያዎች አሉን። ቱርኮች ሦስቱን በአንድ ቃል ጠቅልለውታል።

የመጀመሪያው «አሉ» ነው። «ልጅቷ አገባች አሉ» ስንል ሰርጉ ላይ አልነበርንም፤ ወሬው ነው የደረሰን። በቱርክኛ «ኤቭሌንሚሽ» ይባላል። «አሉ» እዚያው ውስጥ ገብቷል።

ሁለተኛው ከምልክት ተነስቶ መናገር ነው። ጠዋት መስኮት ከፍተን አስፋልቱ ረጥቦ ስናይ «ሌሊት ዝናብ ዘንቧል» እንላለን። ሲዘንብ ተኝተን ነበር። ቱርኩ እዚህም «ያሙር ያምሽ» ይላል።

ሦስተኛው እኔ የምወደው ነው። «ለካ» እና «ኖሯል»። «ለካ መጥቶ ኖሯል!» ስንል ነገሩ ሆኖ አልቋል፣ እኛ ግን ገና አሁን ነው የነቃነው። አፋችን ላይ መገረም አለ። ይሄኛው ከ«ሚሽ» ጋር በጣም ይቀራረባል። አንድ «ሚሽ» ስትሰሙ ግራ ከገባችሁ በልባችሁ «ለካ … ኖሯል» ብላችሁ ሞክሩት። ብዙ ጊዜ ይገጥማል።

አሁን ወጥመዱን ልንገራችሁ። ከሦስቱ መካከለኛው ያሳስታል። «ዘንቧል» ከምልክት ለተነሳ ንግግር ስለሚሆን ብዙ ሐበሻ «-ኣል» ሁሉ «ሚሽ» ነው ብሎ ይደመድማል። አይደለም። የኛ «መጥቷል» የሚያወራው ሰውየው አሁን እዚህ ስለመኖሩ ነው። ሲገባ ዓይኔ እያየም «መጥቷል» ማለት እችላለሁ። ቱርኩ ግን ሲገባ ካየው «ጌልዲ» ነው የሚለው።

ይህ የሚጎዳን በተለይ ስለራሳችን ስናወራ ነው። እንግዳ ሆናችሁ ሄዳችሁ «ብሉ» ስትባሉ በአማርኛ «በልቻለሁ» ትላላችሁ። ያንን ቃል በቃል ወስዳችሁ «ዬሚሺም» ካላችሁ ነገር ተበላሸ። ትክክሉ «ዬዲም» ነው። «ዬሚሺም» አንደኛ «ለካ በልቼ ኖሯል» ይመስላል፤ የበላችሁትን አታውቁም እንዴ? ሁለተኛ ደግሞ በወጣቶች አነጋገር «የራሱ ጉዳይ! ገደል ይግባ!» ለማለት የሚያገለግል ቃል ነው። ለአስተናጋጃችሁ እናት ይህን መናገር አትፈልጉም።

አንድ ሁኔታ ላይ ሁለቱንም ሲሠሩ ማየት እፈልጋለሁ።

የጋራ ቤት እንውሰድ። ሦስት ተማሪዎች አንድ ማቀዝቀዣ ይጋራሉ፤ እናንተ፣ ኤምሬ እና ሜህሜት።

ጠዋት ለሻይ ወተት ልታወጡ ማቀዝቀዣውን ትከፍታላችሁ። ካርቶኑ አለ፣ ስታነሱት ግን ባዶ ነው። ከአፋችሁ የሚወጣው «ሱት ቢትሚሽ» ነው። ወተቱ አልቋል፤ ሲያልቅ አላያችሁም፣ ማለቁን ደረሳችሁበት። የመጨረሻዋን ጠብታ ራሳችሁ ብርጭቆ ውስጥ ያንጠባጠባችሁ ቢሆን ኖሮ «ሱት ቢቲ» ትሉ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ቅጥያ ብቻ ስትቀይሩ ተጠርጣሪነታችሁ ይቀየራል። ባዶ ካርቶን ይዞ «ሱት ቢቲ» ያለ ሰው ሲያልቅ እዚያው የነበረ ይመስላል።

ከዚያ ወደ ሳሎን ሄዳችሁ ትጠይቃላችሁ። «ሱቱ ኪም ኢችሚሽ?» ወተቱን ማን ጠጥቶት ኖሯል? ይህ ለስለስ ያለ ጥያቄ ነው። ማንም ዓይኑ አይቷል ብላችሁ አልገመታችሁም። «ሱቱ ኪም ኢችቲ?» ካላችሁ ግን ይከርራል። ከናንተ አንዱ ያውቃል፣ ተናገሩ የሚል ቃና አለው።

ኤምሬ «ቤን ኢችሜዲም» ይላል። እኔ አልጠጣሁም። ስለራሱ ስለሚያውቅ በ«ዲ» ነው። ቀጥሎ ስለ ሜህሜት የሚናገረውን ደግሞ ልብ ብላችሁ ስሙ። «ሜህሜት ኢችቲ» ካለ እማኝ ሆኗል፤ ሲጠጣ አይቶታል። «ሜህሜት ኢችሚሽ» ካለ ግን አላየም። ምናልባት አልጋው አጠገብ ነጭ የቀረበት ብርጭቆ አግኝቷል፣ ምናልባት ሌላ ሰው ነግሮታል። «ሚሽ» ሁለቱን አይለይም። ለመለየት «ከየት አወቅህ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

በመጨረሻ ሜህሜት ራሱ ይገባል። ስሙ ሲነሳ ሰምቷል። «ቤን ሚ ኢችሚሺም?!» ይላል። «እኔ ነኝ የጠጣሁት አላችሁ?!» ማለቱ ነው። እየተናገረ ያለው ስለራሱ ሆኖ ቅጥያው «ሚሽ» የሆነው የሌላውን ሰው ክስ መልሶ ስለሚወረውር ነው። ቁጣው በሙሉ እዚያች ቅጥያ ውስጥ ነው ያለው። ካመነ ደግሞ «ቤን ኢችቲም» ይላል፤ እኔ ነኝ የጠጣሁት። ሦስተኛም መውጫ አለው። «ጌጄ ኢችሚሺም» ካለ «ሌሊት ጠጥቼ ኖሯል፤ እንቅልፍ ላይ ሆኜ አላስታውሰውም» ማለት ነው። ጠጪነቱን ተቀብሎ ማወቁን ይክዳል። ማመን አለማመን የናንተ ፋንታ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሳምንት አልፎ ይህን ታሪክ ለሌላ ጓደኛ ስታወሩት «ሜህሜት ወተቱን ጠጣ፣ ጠብ ሆነ» ትላላችሁ፣ በ«ዲ»። ሲጠጣ ያኔም አላያችሁም፣ አሁንም አላያችሁም። ግን ነገሩ ተጣርቶ የታወቀ ሆኗል፤ ዜናነቱ ቀርቷል። ይህ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይወስደናል።

እንግዲያው ያላየሁትን ሁሉ በ«ሚሽ» ልናገር?

አይሆንም፤ የመማሪያ መጽሐፍ አጭር ማብራሪያ የሚያሳስተውም እዚህ ነው። አታቱርክ እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሞት ዛሬ በሕይወት ካሉት ቱርኮች ውስጥ አልጋው አጠገብ የነበረ የለም። ሆኖም ማንም «ቨፋት ኤትሚሽ» አይልም፤ «ቨፋት ኤቲ» ነው የሚለው። የቱርክ ሪፐብሊክ እ.ኤ.አ. በ1923 ታወጀ ሲባልም በ«ዲ» ነው። ስለ ራሳችሁ ልደት ስትናገሩም እንደዚያው ነው። «አዲስ አበባ ተወለድኩ» ለማለት «ዶዱም» ትላላችሁ። ራሱ ሲወለድ ያየ የለም መቼም።

ምክንያቱ «ዲ» በትክክል «አየሁ» ማለት ስላልሆነ ነው። «ዲ» ማለት «ይህ የማውቀው ነገር ነው፣ እቆምለታለሁ» ማለት ነው። ዓይን አንዱ የማወቂያ መንገድ ነው፣ ብቸኛው አይደለም። አገር ያወቀው፣ ከልጅነት የተማርነው፣ ውስጣችን ገብቶ የተዋሃደን ነገር በ«ዲ» ይወራል። «ሚሽ» የሚመጣው ዕውቀቱ ገና በር ላይ ቆሞ ሳለ ነው። ሰው ነገረኝ፣ ምልክት አየሁ፣ ገና መድረሴ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ ቴሌቪዥን ነው። ዜና አንባቢዋ ሚኒስትሩ ሥልጣን መልቀቁን «ኢስቲፋ ኤቲ» ብላ ታነባለች። እሷም አላየችም፤ ግን ጣቢያው ለወሬው ይቆማል። ሳሎን ተቀምጦ የሰማው አባት ወደ ወጥ ቤት ዞሮ ለሚስቱ የሚነግራት «ኢስቲፋ ኤትሚሽ» ብሎ ነው። ያው አንድ ዜና በአምስት ሰከንድ ውስጥ ቅጥያ ቀየረ።

ልደትም ቢሆን ወደ «ሚሽ» የሚዞርበት ጊዜ አለ። እናታችሁ የነገረቻችሁን «በክረምት ሌሊት ነው የተወለድኩት፣ መብራት ጠፍቶ ነበር አሉ» ብላችሁ በወግ መልክ ስታወሩ «ዶሙሹም» ይሆናል። ለቅጽ መሙያ «ዶዱም»፣ ለእናት ወግ «ዶሙሹም»።

ዓይኔ እያየስ «ሚሽ» ማለት አለ?

ሞልቷል። ምናልባትም መጀመሪያ የምትሰሟቸው «ሚሾች» እነዚህ ናቸው።

ቱርክ ቤት ተጋብዛችሁ አንድ ማንኪያ እንደቀመሳችሁ የምትሉት «ጉዜል ኦልሙሽ» ነው፤ «ጥሩ ሆኗል»። ጣዕሙ ምላሳችሁ ላይ ነው፣ ማንም አልነገራችሁም። ታዲያ ለምን «ሚሽ»? ወጡ ሲሠራ አልነበራችሁም፤ የደረሳችሁት ውጤቱ ላይ ነው፣ ደስም ብሏችኋል። «ጉዜል ኦልዱ» ከምጣዱ አጠገብ ለቆመው፣ ራሱ ለሠራው ሰው ነው የሚሻለው። እንግዳ ሲለው ግን ሙገሳው ቀዝቀዝ ይላል።

ለረጅም ጊዜ ያላያችሁትን የጓደኛችሁን ልጅ ስታገኙም «ቡዩሙሽሱን!» ትላላችሁ። «ውይ፣ አድገሃል!» ልጁ ፊታችሁ ቆሟል። ግን ሲያድግ አላያችሁትም። የራሱ እናት በየቀኑ ስለምታየው እንዲህ አትለውም፤ ድንገት ሱሪው አጥሮት ካላየች በቀር።

ስለ ራሴ እንዴት «ሚሽ» እላለሁ? እኔ እኔን አላውቅም እንዴ?

አንዳንዴ አታውቁም። ሶፋ ላይ ጋደም ብላችሁ ስትነቁ መሽቷል። «ኡዩሙሹም»፤ እንቅልፍ ወስዶኝ ኖሯል። ቁልፍ ኪስ ውስጥ የለም። «ኡኑትሙሹም»፤ ረስቼው ኖሯል። ስትረሱት ብታውቁማ አትረሱትም ነበር።

«ኡኑቱም» በ«ዲ» ማለትም ትክክል ነው፣ ሰዉም ይለዋል። «ረሳሁት፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ዓይነት ቃና አለው። «ኡኑትሙሹም» ደግሞ «ሳላውቀው ነው» የሚል ትንሽ ማምለጫ ይዟል። የቤት ሥራ ሳልሠራ ስቀር የቱን እንደምጠቀም መገመት አያቅታችሁም።

በጥያቄስ ጊዜ የማንን ዕውቀት ነው የምከተለው?

የሚመልስላችሁን ሰው። ጓደኛችሁ ሲያለቅስ ካገኛችሁት «ኔ ኦልዱ?» ትላላችሁ፤ ምን ሆንክ? የደረሰው በሱ ላይ ስለሆነ ያውቃል። መንገድ ላይ ሰው ተሰብስቦ አይታችሁ እንደናንተ ገና የደረሰውን ሰው ከጠየቃችሁ ግን «ኔ ኦልሙሽ?» ነው፤ ምን ተፈጠረ አሉ? እሱም ሰምቶ ነው የሚያውቀው ብላችሁ ትገምታላችሁ። የቱ እንደሚሆን ካልተማመናችሁ በ«ዲ» ጠይቁ። በጥያቄ ላይ ብዙም አያጣላም።

«ሚሽ» ያለ ሰው እየተጠራጠረ ነው ማለት ነው?

በራሱ አይደለም። «አላየሁም» ማለት «አላምንም» ማለት አይደለም። «አሉ» እንደምንለው ነው። «አገባች አሉ» ስንል ብዙ ጊዜ እናምናለን።

ጥርጣሬው ከድምፅ እና ከፊት ይመጣል። ከንፈር ጠመም ተደርጎ «ዜንጊንሚሽ» ከተባለ «ሀብታም ነኝ ባይ!» ሊሆን ይችላል። ያንኑ ቃል ቀጥ ባለ ድምፅ ከሰማችሁት «ሀብታም ነው አሉ» ብቻ ነው። በእውነት ማሾፍ የፈለገ ቱርክ ቅጥያውን ይደርበዋል። «ጌልሚሽሚሽ» ካላችሁ «መጥቶ ነበር አሉ እኮ! እኔ ልመን?» እንደማለት ነው። እንዲህ የተደረበ ስትሰሙ ተናጋሪው አንድም ቃል እንዳላመነ እወቁ።

«ሀብታም ነው» ላይ ግን ድርጊት የለም። ኃላፊ ጊዜም አይደለም።

ጥሩ አያችሁ። «ሚሽ» ግሥ ላይ ሲለጠፍ ኃላፊ ጊዜን ይዞ ይመጣል። ስም እና ቅጽል ላይ ሲለጠፍ ግን ጊዜውን ጥሎ ወሬነቱን ብቻ ይዞ ይሄዳል። «ሃስታይምሽ» ማለት «ታሟል አሉ» ሊሆን ይችላል፣ «ታሞ ነበር አሉ»ም ሊሆን ይችላል። ዛሬ ይሁን አምና የሚለየው አብሮት ያለው ቃል ነው። በአሁን እና በወደፊት ግሥም ላይ ይደረባል፤ «ጌሊዮርሙሽ» እየመጣ ነው አሉ፣ «ጌሌጄክሚሽ» ሊመጣ ነው አሉ። ለዚህ አጠቃቀም የኛ «አሉ» ከሁሉም ይሻላል፤ እሱም ከየትኛውም ጊዜ ኋላ ይቆማልና።

ያየሁት «ሚሽ» ሁሉ ወሬ ነው?

አይደለም፤ ሦስት ቦታ ላይ እንዳትሸወዱ።

ስምን ሲገልጽ ምንጭ አይናገርም። «ፒሽሚሽ» ሥጋ የበሰለ ሥጋ ነው፤ ማን እንዳየው አይጠየቅም። ከላይ የጠቀስኩት «ጌችሚሽ» የሚለው ቃል ራሱ «ያለፈ» ማለት ነው።

ሁለቱ ቅጥያዎች ተከታትለው «ጌልሚሽቲ» ሲሆኑ «መጥቶ ነበር» ማለት ነው፣ ከሌላ ድርጊት በፊት የሆነ። ዓይናችሁ ያየውንም እንዲህ ትናገራላችሁ።

ሦስተኛው «ጌልሚሽቲር» ነው። በመንግሥት ወረቀት እና በመዝገበ ዕውቀት ላይ ካያችሁት ክብደት ያለው የጽሑፍ አነጋገር ነው፣ ወሬ የለበትም፤ እንዲያውም እርግጠኛ ነው። በአፍ ሲነገር ደግሞ ገልበጥ ይልና «እስካሁን ሳይመጣ አይቀርም» የሚል ግምት ይሆናል። ይሄ እኔንም ለወራት አስቸግሮኛል።

ተረት ለምን በ«ሚሽ» ይነገራል?

ተረት ነጋሪ እዚያ አልነበረማ። የኛ «ተረት ተረት» በቱርክኛ «ቢር ቫርምሽ፣ ቢር ዮክሙሽ» ነው፤ «አንድ አለ አሉ፣ አንድ የለም አሉ»። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በ«ሚሽ» ይወርዳል። የናስረዲን ሆጃ ቀልዶችም እንደዚያው ናቸው። ሆጃው አህያው ጠፍቶበት ኖሯል፣ ፈልጎ ኖሯል እያሉ ይቀጥላሉ።

አማርኛ ተረቱን «ነበረ» ብሎ ከጀመረ በኋላ በተራ ኃላፊ ጊዜ ያወርደዋል፤ ስለዚህ እኛ ተረት ስንተረጉም «ዲ» ይመጣብናል። ጅብ እና አህያን በ«ዲ» ብትተርኩ ሰዋስዉ አልተሰበረም። ሰሚው ግን «የት ነበርክ ሲነጋገሩ?» የሚል ፈገግታ ያሳያችኋል። በዚያው ልክ ሕልምንም ብዙ ሰው በ«ሚሽ» ያወራዋል፤ «ሕልሜ ላይ እየበረርኩ ነበር» ለማለት «ኡቹዮርሙሹም» ይላሉ።

ብሳሳት ማን ይጎዳል? ሰዉ ይረዳኝ የለ?

ብዙ ጊዜ ይረዳችኋል። አንዳንዴ ግን ዋጋ አለው። የኔን ልንገራችሁ።

በቋንቋ ዓመቴ አንድ ጠዋት ኮሪደር ላይ አንድ ልጅ የዛሬው ትምህርት መሰረዙን ነገረኝ። እኔ ወደ ካፌው ሮጬ ለክፍል ጓደኞቼ «ዴርስ ኢፕታል ኦልዱ» አልኩ። ትምህርቱ ተሰረዘ። በ«ዲ»። አሥር ያህል ሰው ቦርሳውን አንስቶ ወደ ቤቱ ሄደ። መምህራችን ክፍል ገብታ ከሁለት ሰው ጋር ተቀመጠች። የተሰረዘው የሌላ ክፍል ትምህርት ነበር።

በማግስቱ ሁሉም እኔ ላይ ወረዱ። «ሰው ነው የነገረኝ» ስል አንዷ ዝም ብላ አየችኝና «ታዲያ ‹ኦልሙሽ› አትልም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። «ኢፕታል ኦልሙሽ» ብል ኖሮ ወዲያው «ማን አለ?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። አንዱ ስልክ ደውሎ ያጣራ ነበር። «ኦልዱ» ስል ግን ማስታወቂያውን በዓይኔ ያነበብኩ ወይም ከመምህሯ አፍ የሰማሁ መሰላቸው፤ ምንም የሚጠየቅ ነገር አልነበረም።

ገንዘብ ጠፍቶ፣ ዕቃ ተሰብሮ፣ ሰው ተጣልቶ ሲወራማ ከዚህ ይብሳል። ያላያችሁትን «ወሰደ» በ«ዲ» ብላችሁ ብትናገሩ ምስክር ትሆናላችሁ። ጠያቂው ቀጥሎ «የት ቆመህ ነው ያየኸው?» ይላችኋል።

በንግግር መሃል ፈጥኜ የምወስንበት መንገድ አለ?

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ በአማርኛ በሆዴ እለውና ኋላው ላይ «አሉ» ወይም ፊቱ ላይ «ለካ» አስገባለሁ። ከሁለቱ አንዱ ሳይኮረኩረኝ ከገባ «ሚሽ» ነው። «ልጅቷ አገባች አሉ»፤ ገባ። «ለካ ወተቱ አልቋል»፤ ገባ። «ለካ ቁርስ በልቻለሁ»፤ አልገባም፣ ስለዚህ «ዬዲም»። «አታቱርክ በ1938 ሞተ አሉ»፤ ሰው ይስቅብኛል፣ ስለዚህ «ዲ»። ሙገሳ ላይ ብቻ አላስብም፤ ምግብ ቀምሼ «ኦልሙሽ»፣ ልጅ አይቼ «ቡዩሙሽሱን» እላለሁ። ጸጉሯን የተቆረጠች ጓደኛ ካየሁም ያው «ሚሽ» ነው፣ መቆረጧን ካስተዋልኩ ማለት ነው።